ክሬቲንና ከከባድ ልምምድ በኋላ የሚመጣ ሕመም፦ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

ጀማሪው፦ ሰኞ ስኳት ከሠራሁ እስከ ኀሙስ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል። ጓደኞቼ «ክሬቲን የሚባለውን ዱቄት ውሰድ፤ በማግስቱ ምንም አይሰማህም» ይሉኛል። እውነት ነው?

አሠልጣኙ፦ በዚህ ልክስ አይደለም፣ ወንድሜ። ክሬቲን ማገገምን ያፋጥናል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቀናት መካከል ያለውን ማገገም ነው። በደንብ የተረጋገጠው ግን በአንድ ልምምድ ውስጥ፣ በዙርና በዙር መካከል ያለው ነው። ከባድ ክብደት ስታነሣ ጡንቻህ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚጠቀመው ፎስፎክሬቲን የተባለውን ክምችት ነው። ክምችቱ ሲሟጠጥ ግማሽ ያህሉ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ፣ አብዛኛው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ዕረፍት ይመለሳል። ክሬቲን የሚወስድ ሰው ክምችቱ ሰፋ ስለሚል ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ላይ ቶሎ አይዝልም።

የኀሙሱ ሕመም ግን ከነዳጅ ማለቅ ጋር ግንኙነት የለውም። በስኳት ወደ ታች ስትወርድ ጡንቻህ ክብደት ተሸክሞ ይለጠጣል፤ በዚያን ጊዜ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ፣ ከዚያም አካባቢው ይቆጣል። ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚከፋው ለዚህ ነው።

የቀድሞ ኳስ ተጫዋች፦ ሕመሙ የላክቲክ አሲድ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምናውቀው ይህንን ነው። ክሬቲን ደግሞ እሱን ይቀንሳል። ታዲያ እንዴት አይረዳም?

አሠልጣኙ፦ ጋሼ፣ ክሬቲን ባጭር ጊዜ ብርቱ ሥራ ላይ ጡንቻው ላክቴት ወደሚያመነጨው መንገድ ቶሎ እንዳይገባ ሊያግዝ ይችላል፤ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ላክቴት ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል። ከሁለት ቀን በኋላ ለሚመጣ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። እንጦጦን ያስቡት፦ ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ላክቴትም የሚበዛው ያኔ ነው። በማግስቱ ጭንን የሚያሳምመው ግን ቁልቁለቱ ነው።

ከሐዋሳ፦ እኔ ግን ምስክር ነኝ። ጂም በገባሁ በሳምንቴ ክሬቲን ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ሕመም ቀረ።

አሠልጣኙ፦ ሕመምህ መቅረቱን አምናለሁ፤ ያስቀረው ክሬቲኑ መሆኑን ነው የምጠራጠረው። ጡንቻ አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ልምምድ ከተጎዳ በኋላ ያንኑ ልምምድ ሲደግም ጉዳቱም ሕመሙም በጣም ይቀንሳል። ይህ ያለ ምንም ዱቄት የሚሆን ነገር ነው፤ መከላከያውም ለሳምንታት ይቆያል። አንተ ክሬቲኑን የጀመርከው ልክ ይህ በሚሆንበት ሳምንት ነው። ምስጋናውን ሁሉ ዱቄቱ ወሰደው።

ነርሷ፦ ጥናቶቹ እኮ አንድ ዓይነት አይናገሩም። ጥቅም ያገኙም አሉ።

አሠልጣኙ፦ ልክ ነሽ፣ እህቴ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ወንዶች ለ5 ቀን በቀን 20 ግራም ክሬቲን ወስደው ክንዳቸውን በሚያስጨንቅ የመለጠጥ ልምምድ 50 ጊዜ አሠሩ፤ በሕመምም በጉልበት መመለስም ክሬቲን ካልወሰዱት አልተለዩም። በ2004 የወጣው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር የሮጡ ሰዎችን ተመልክቶ ክሬቲን በወሰዱት ደም ውስጥ የጡንቻ ጉዳት ምልክቶች አንሰው አገኘ። በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ቢሆንም፣ የእግር ጉልበት ቶሎ ተመልሶ አግኝቷል።

እኔ እንደማነበው፣ ደም ውስጥ የሚለካው ነገር አንዳንድ ጊዜ ይሻሻላል፤ ሰውየው የሚሰማው ሕመም ግን እምብዛም አይለወጥም። ረጅም ርቀት ለሚሮጡ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። እነሱ ላይም ቢሆን ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ክብደት በአንድ ኪሎ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ለሯጭ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ጾመኛዋ፦ በዐቢይ ጾም ልምምድ አላቋርጥም፤ ነገር ግን ድካሙ ይበረታብኛል። ዱቄቱ ፍስክ ነው? ስንት ልውሰድ?

አሠልጣኙ፦ ዱቄቱ በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ ነው፤ ከሥጋ አይወጣም። በእንክብል የሚሸጠው ግን ሽፋኑ ከእንስሳ የተገኘ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉን አንብቢ። በጾም መውሰዱ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባትሽ እተወዋለሁ።

ጥያቄሽ ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ከምግብ የምናገኘው ክሬቲን በዋናነት ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻ ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅ ይላል፤ ሲወስድም ጭማሪው ይጎላል። ሞኖሃይድሬት የተባለውን ተራውን ዱቄት በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ውሰጂ፤ ክምችቱ በአንድ ወር ገደማ ይሞላል። በቀን 20 ግራም ለአራት ከፍሎ በሳምንት ውስጥ መሙላትም ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ይጠጣውና ሆዱ ይላላል። ድካሙን በተመለከተ፣ በቂ ምግብ ካልበላሽ ክሬቲን አይተካልሽም። ሽሮውንና ምስሩን ጨምሪ።

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ እንኳን የመጣሁት ለሌላ ነው። ምርመራ ሳደርግ የኩላሊቴ ቁጥር ከፍ ብሏል ተባልኩ። ክሬቲን እወስዳለሁ።

አሠልጣኙ፦ ጡንቻ ውስጥ ያለው ክሬቲን ሲፈርስ በደም የሚለካው ክሬቲኒን ይሆናል፤ ስለዚህ ዱቄቱን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖም ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ግን ይህንን እኔ አልወስንልዎትም። መውሰድዎን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እሱ በሌላ መንገድ ሊያጣራው ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ ያ ተራ ሕመም አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ጀማሪው፦ እሺ፤ ታዲያ ብወስደውስ እየሠራልኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አሠልጣኙ፦ ሕመምህን ሳይሆን የመጨረሻ ዙርህን ተመልከት። አንድ የማሠለጥነው ወጣት በ80 ኪሎ ስኳት አራት ዙር ሲሠራ፣ በየመካከሉ 2 ደቂቃ እያረፈ፣ 8፣ 8፣ 6፣ 5 ያነሣ ነበር። ከአንድ ወር ክሬቲን በኋላ፣ በዚያው ክብደትና በዚያው ዕረፍት፣ 8፣ 8፣ 8፣ 7 ደረሰ። ከ27 ወደ 31 ማለት ነው። ከፊሉ የልምምዱ ውጤት መሆኑ አይቀርም። ሕመሙስ? አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሥራው ስለበዛ መጀመሪያ ላይ ባሰበት። ለእሱ ያገዘው የሰኞውን ስኳት ለሁለት ከፍለን ግማሹን ወደ ኀሙስ ማዛወራችን ነው። አንተም ከዚያ ጀምር።

ከሐዋሳ፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ለአንድ ሳምንት አቁሜ ሕመሙ ከተመለሰ ምን ትላለህ?

አሠልጣኙ፦ በሳምንት አታውቀውም። ካቆምክ በኋላ ክምችቱ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ልምምድህን ሳትቀይር ያን ያህል መቆየት ከቻልክ ግን የመዘገብከውን ማየት እፈልጋለሁ።