ዕቃ መልሰው ሻጩ ዝም ሲል ለባንክ የሚጻፍ ማብራሪያ

ጥያቄ፦ «ከውጭ በካርድ የገዛሁትን ጫማ ከኮምቦልቻ መልሼ ልኬ ሻጩ ዝም አለኝ። ባንኩ ማብራሪያ በጽሑፍ አምጣ ብሎኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ክፍያውን አላውቀውም» የሚል ቃል በማብራሪያዎ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ያ የማጭበርበር አቤቱታ ስለሚሆን፣ ሻጩ ያዘዙት እርስዎ መሆንዎን በማሳየት ብቻ ይረታዎታል። የእርስዎ ጉዳይ ዕቃው ተመልሶ ገንዘቡ አለመመለሱ ነው።

እኔ ከደሴ የ86 ዶላር ቦርሳ መልሼ በተከራከርኩ ጊዜ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ሻጩ ዕቃውን እንድመልስ በኢሜይል ፈቅዶልኝ መጋቢት 3 ቀን 2017 (እንደ ፈረንጆች ማርች 12 ቀን 2025) በፖስታ ልኬለታለሁ። ሚያዝያ 6 (ኤፕሪል 14) መረከቡን የመከታተያ ቁጥሩ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብጽፍለትም መልስ ስላልሰጠኝ 86 ዶላሩ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።» ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር የጻፍኩት፣ ወረቀቱ ውጭ አገር ሲደርስ 2017 የሚለውን የሚያነብ ሰው ግዢው የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው እንዳይመስለው ነው።

የፖስታውን ወጪ አልጨመርኩበትም፤ ክርክሩ በካርዱ ለሻጩ ከተከፈለው አያልፍም። ዋናው ማስረጃ ርክክቡ ነው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ መላክዎን እንጂ መድረሱን ስለማያስረዳ፣ «ደርሷል» የሚለውን የመከታተያ ገጽ አትመው ከሻጩ የፈቃድ ኢሜይል ጋር ያያይዙ።

ካርድዎ ቪዛ ከሆነ፣ ዕቃው ከተመለሰ በኋላ በጥቅሉ 15 ቀን ይጠበቃል። የአቤቱታው ጊዜ ግን በአብዛኛው 120 ቀን በመሆኑ፣ ሻጩ ዛሬ ነገ ቢልዎ አይዘግዩ።