ፓር፣ የማታ ቆጠራና የአትክልት ግዢ ቀን፦ የትንሽ ሬስቶራንት ጥያቄዎች

ጥያቄ (የሬስቶራንት ባለቤት፣ አዲስ አበባ)፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከአትክልት ተራ እንገዛለን፤ እሁድ ዝግ ነን። የቲማቲም ፓራችን፣ ማለትም ግዢው ከገባ በኋላ መደርደሪያው ላይ እንዲኖር የምንፈልገው መጠን፣ 20 ኪሎ ነው። ረቡዕ ማታ ያልቅብናል፣ ሰኞ ደግሞ እየበሰበሰ እንጥላለን። 20 ኪሎ አነሰ ወይስ በዛ?

መልስ፦ ለረቡዕ አንሷል፣ ለሰኞ በዝቷል። ቁጥሩን ብቻ ብትቀይሩት አንዱ ችግር ሲቀንስ ሌላው ይብሳል። ፓር ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለግዢው ቀንም ነው የሚወጣው። የማክሰኞው ግዢ እስከ ሐሙስ ጠዋት፣ የቅዳሜው እስከ ማክሰኞ ጠዋት መድረስ አለበት፤ የሚሸፍኑት ፍጆታ ግን አንድ አይደለም።

በፍስክ ቀን 8 ኪሎ፣ በያይነቱ በሚወጣበት ረቡዕና ዓርብ 14፣ ቅዳሜ 7 ኪሎ ትጠቀማላችሁ እንበል። የማክሰኞው ግዢ 8 እና 14፣ ማለትም 22 ኪሎ ይሸፍናል። የሐሙሱም እንደዚያው ነው። የቅዳሜው ግን የቅዳሜን 7 እና የሰኞን 8 ብቻ ስለሚሸፍን 15 ይበቃዋል። በዚህ ላይ መጠባበቂያ ጨምሩ። መጠባበቂያውን በግምት አትጣሉት፤ በተለመደው ረቡዕና ሰው በበዛበት ረቡዕ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 14 የነበረው አንዳንዴ 17 ከደረሰ 3 ኪሎ ያዙ፣ ለቅዳሜው 2 ይበቃል። እንግዲህ ፓሩ ማክሰኞ 25፣ ሐሙስ 25፣ ቅዳሜ 17 ሆነ።

ሰኞ ማታ ሲቆጠር 4 ኪሎ ጠንካራና 2 ኪሎ የለሰለሰ ቲማቲም ተገኘ እንበል። ጠንካራውን ከ25 ቀንሱ፣ 21 ይቀራል። የለሰለሰውን የምትቀንሱት ሼፉ ማክሰኞ ጠዋት ለስልስ አደርገዋለሁ ካለ ብቻ ነው፤ ያኔ 19 ኪሎ ትገዛላችሁ። ለሰላጣ የማይሆን ቲማቲም «አለ» ተብሎ ተቆጥሮ ከዚያ ማንም ሳይነካው ሲቀር ነው ረቡዕ ማታ ባዶ እጅ የሚያስቀረው። ስለዚህ የቆጠራ ወረቀቱ ላይ ለቲማቲም ሁለት መስመር ይኑር።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ የየቀኑን ፍጆታ ከየት አመጣለሁ? የሳምንቱን የግዢ ደረሰኝ ደምሬ ለስድስት ባካፍለው አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፣ ሁለት ነገር ይደብቅብሃል። አንደኛው የተጣለው ነው። ሳምንቱ ሲጀምር 5 ኪሎ ነበረ፣ 67 ተገዛ፣ ሲያልቅ 6 ቀረ፣ 7 ኪሎ ተጣለ። 5 እና 67 ሲደመሩ 72፣ ከዚያ 6 እና 7 ሲቀነሱ ኩሽና የተጠቀመው 59 ኪሎ ነው። በደረሰኙ ከሄድክ 67 ነው የምትለው፣ ማለትም የበሰበሰውንም እንደ ፍጆታ ቆጥረህ በሚቀጥለው ሳምንት ለመበስበሱም ጭምር ትገዛለህ። ፓር ሳይታወቅ እያበጠ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከዚህም ሌላ አማካዩ በቀን 11 ኪሎ ገደማ ይወጣል፤ 11 ኪሎ የምትጠቀምበት ቀን ግን ከሳምንቱ ውስጥ አንድም የለም።

ሁለተኛው ያለቀበት ቀን ነው። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቲማቲም ካለቀ ወረቀቱ 10 ኪሎ ይላል፣ ደንበኛው የፈለገው ግን 14 ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን «8 ሰዓት ላይ አለቀ» ብለህ ጻፍና ከአማካዩ አውጣው። የአራት ሳምንት ረቡዕ ከረቡዕ፣ ሐሙስ ከሐሙስ ጋር ሲታይ ለመጀመሪያ ፓር ይበቃል።

የሚጣለውን ለመመዘን ክዳን ያለው አንድ ባልዲ ለይ፣ ማታ መዝነህ ምክንያቱን በሁለት ቃል ጻፍ፤ ሲመጣ የተጎዳ ነው ወይስ እኛ ጋ የተበላሸ? የመጀመሪያው የገዢውና የሻጩ ጉዳይ ነው፣ ፓሩን አይነካም። ሁለተኛው ነው ፓሩ በዝቷል የሚልህ። የካሮት ልጣጭና የሰላጣ ግንድ እዚህ ባልዲ ውስጥ አይግቡ። ካሮቱን ከነልጣጩ ቆጥረህ ከነልጣጩ ስለምትገዛ ልጣጩ የፍጆታው አካል ነው።

ሌላ አባል፦ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ያህል መግዛት ነው። ፓርም ቆጠራም አያስፈልግም።

መልስ፦ ለሰላጣና ለቆስጣ ልክ ነህ፣ ቅርብ ጉሊት ካለ በየቀኑ መግዛት ከሁሉ ይሻላል፤ መጠባበቂያም አይያዝላቸውም ማለት ይቻላል። ለቲማቲምና ለድንች ግን በኪሎ የምትጨምረውን ዋጋና ጠዋት ጠዋት ሰው የምትልክበትን አስላው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ መሃል ከተማ ላለ ቤት የዕለት ምልልስ አያዋጣም። ቆጠራው ደግሞ አይቀርልህም፤ ከትናንት የተረፈውን ሳታውቅ «የዕለቱን ያህል» ስንት እንደሆነ አታውቅም።

ጥያቄ (ስቶር ኪፐር)፦ እኔ በሳጥን እጽፋለሁ፣ ሼፉ በኪሎ ይላል፤ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ዕቃ ከገባ በኋላ ነው የምንቆጥረው። ትክክለኛው አሠራር እንዴት ነው?

መልስ፦ ኩሽና ሲዘጋ፣ ከማብሰያው መስመር ላይ የተረፈው ወደ ፍሪጅ ከተመለሰ በኋላ ቁጠሩ። ጠዋት አዲሱ ከአሮጌው ጋር ከተደባለቀ ምን እንደተረፈ መለየት አይቻልም፣ አሮጌውም ከሥር ይቀራል። አትክልት ሁሉ በኪሎ ይጻፍ፤ አቮካዶና ሎሚ በፍሬ ቢሆኑም ችግር የለም፣ ብቻ ሁሌ በፍሬ ይሁኑ። «አንድ ሳጥን» የሚባል መለኪያ ይቅር፤ ሳጥን ሁሉ እኩል አይሞላም። ሲገባ ከነሳጥኑ መዝኑት፣ አራግፋችሁ ባዶውን መዝኑትና ቀንሱ። ስታራግፉ ከታች የተጨፈለቀውን እዚያው ታያላችሁ፤ የሻጩ ሰው ሳይሄድ ነው መታየት ያለበት።

የተከተፈ ሽንኩርት በካምብሮ የፕላስቲክ ዕቃ ካለ እሱም ይመዘናል። ብዙ ቤት የሚረሳው ይሄንን ነው፤ በማግስቱ ፍጆታው ያለምክንያት ያነሰ ይመስላል። ወረቀቱ በፊደል ተራ ሳይሆን በመደርደሪያው ቅደም ተከተል ይሁን፣ ያን ጊዜ ዘልዬ አለፍኩ የሚባል ነገር አይኖርም።

ስህተት እንዴት ይታወቃል? ትናንት ማታ 12 ኪሎ ድንች ተብሎ ዛሬ ሳይገዛ 15 ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ ያኔውኑ ድጋሚ መዝኑ። ፍጆታው የዚያን ቀን የተለመደ ቁጥር እጥፍ ከሆነም እንዲሁ። ገዢው ብቻውን ባይቆጥር ጥሩ ነው፤ የቆጠራውም የግዢውም ቁጥር ከአንድ ሰው ከመጣ ጉድለት አይታይም።

ሌላ አባል፦ እኛ ሁሉን ነገር በየማታው መቁጠር ትተናል። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ አቮካዶ በየቀኑ፤ ሽንኩርት፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ግን ከግዢ በፊት ባለው ማታ ብቻ።

መልስ፦ ለትንሽ ቤት ይሄ ይበቃል። ሽንኩርት ሲወደድ ግን በየቀኑ የሚቆጥሩ አሉ፤ ምክንያታቸው መበላሸቱ ሳይሆን መጥፋቱ ነው። እሱን በቤታችሁ ሁኔታ ወስኑት።

ጥያቄ፦ ፓር ማለት ከዚህ ሲወርድ ግዛ የሚባለው አይደል? እኛ ቃሪያ 2 ኪሎ ሲደርስ ነው የምንገዛው።

መልስ፦ ያ ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ለዘይትና ለበርበሬ፣ በፈለጉት ቀን ለሚገዛ ዕቃ ይሠራል። ፓር ግዢው ከገባ በኋላ መደርደሪያው ላይ መኖር ያለበት ጠቅላላ መጠን ነው። በተወሰነ ቀን ብቻ የምትገዛ ከሆነ የአንተ መንገድ እንዴት እንደሚጥልህ ተመልከት። ዓርብ ማታ 3 ኪሎ ቃሪያ አለ፣ ከ2 በላይ ስለሆነ ቅዳሜ አትገዛም። ቅዳሜና ሰኞ ሁለት ሁለት ኪሎ ከሄደ ሰኞ በምሳ ሰዓት ያልቃል። በፓር ግን የሁለቱ ቀን 4 ኪሎና መጠባበቂያ 1፣ 5 ኪሎ ነው፤ 3 ስላለ ቅዳሜ 2 ትገዛለህ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ እኔ ጋ አቅራቢው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚያመጣው፣ ቲማቲም ባለ 25 ፓውንድ ካርቶን ብቻ። ሒሳቡ 38 ፓውንድ ሲለኝ አንድ ልዘዝ ሁለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ትርፉ የስንት ቀን እንደሆነ አስዪ። ሁለት ካርቶን ካዘዝሽ 12 ፓውንድ ይተርፋል፤ በቀን 11 የምትጠቀሚ ከሆነ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍምና ሁለት እዘዢ። በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ የተረፈውን መቀነስ ብቻ አትርሺ። ትርፉ ሦስት አራት ቀን የሚሆን ከሆነ ግን አንድ አዝዘሽ ጉድለቱን ከሱቅ ሙዪ። ለሰላጣ ሁሌ ወደ ታች፣ ለሽንኩርትና ለድንች ወደ ላይ አጠጋጊ።

ሁለተኛውን ካርቶን ያልበሰለ ብለሽ ጠይቂ፤ ወደ ዎክ ኢን ማቀዝቀዣ ክፍል አታስገቢው። ቲማቲም ሳይበስል ከ50 ፋራናይት በታች ከቆየ በደንብ አይበስልም፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ቅዝቃዜ የሚገባው በስሎ ላለቀለት ነው። ከሰላጣው ግን አርቂው፤ የሚበስል ቲማቲምና አቮካዶ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ሲገባስ? የረቡዕን ቁጥር ለሳምንቱ ቀናት ሁሉ ልውሰድ?

መልስ፦ ለመነሻ ውሰደው፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ግዢውን አነስ አድርገህ ቀኑን አብዛ። በፍስክ ወቅት ረቡዕ የሚመጣው ሰው ጾመኛው ብቻ አይደለም፤ በሁዳዴ ደግሞ ሥጋ የሚበላው ይቀራል፣ አንዳንዱም ቤቱ ይበላል።

ሌላ አባል፦ እኛ ጋ የመጀመሪያው ሳምንት ከረቡዕም ይበልጣል፣ ከዚያ ነው የሚቀንሰው።

መልስ፦ ቢሮ የበዛበት ሰፈርና መኖሪያ ሰፈር እዚህ ላይ አይመሳሰሉም፤ የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሠራም። ለሁሉም የሚሆነው መውጫው ላይ ነው። ስቅለት ዓርብ ነው ብለህ የሐሙሱን ግዢ በተለመደው 25 አትሙላ፤ ብዙ ሰው እስከ ማታ አይበላም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። የማክሰኞና የሐሙስ ፓር በዚያ ጊዜ ሳይነካ ከቀረ በሁለቱም ግዢ ከሚያስፈልገው በላይ ቲማቲም ይያዛል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ ወረቀቱን እንደገና መቀየር ነው።