የክብ ማዕከልና ራዲየስ፦ ከx² እና y² ፊት ቁጥር ሲኖር

ጥያቄ፦ «2x² + 2y² − 6x + 10y − 1 = 0 የሚል ኢኩዌሽን ተሰጥቶ የክቡን ማዕከልና ራዲየስ አውጡ ይላል። እኔ ማዕከሉን (3, −5)፣ ራዲየሱን √35 አገኘሁ። መልሱ ላይ ግን (3/2, −5/2) እና 3 ነው የሚለው። ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው የሚመጣልኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? እባካችሁ እህታችሁን እርዱኝ።»

እህቴ፣ ሥራሽን ባላየውም መልስሽ መንገዱን ይናገራል። የ−6ን ግማሽ ወስደሽ −3 አልሽ፣ ስኩዌሩ 9 ሆነ። የ10ን ግማሽ ወስደሽ 5 አልሽ፣ ስኩዌሩ 25 ሆነ። −1ን ወደ ቀኝ ስታሻግሪው 1 ሆነ። 1 + 9 + 25 ደግሞ 35 ነው። ግማሽ ማድረጉም፣ ስኩዌር ማድረጉም፣ ወደ ሁለቱም ጎን መደመሩም ትክክል ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከx² እና ከy² ፊት ያለው 2 አልተነካም።

ተማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አስጠንቻለሁ። በዚህ ርዕስ ላይ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። የሚገርመው የሚሳሳቱት ዘዴውን በደንብ የያዙት ልጆች ናቸው። «የx ኮፊሸንት ግማሽ፣ ከዚያ ስኩዌር» የሚለውን በቃላቸው ይዘውታል። ይህ ሕግ የሚሠራው የx² ኮፊሸንት 1 ሲሆን ብቻ መሆኑ ግን አብሮ አልተያዘም።

ለምን 1 መሆን እንዳለበት እንይ። እኛ የምንፈልገው ይህን ቅርጽ ነው፦

(x + a)² = x² + 2ax + a²

በቀኝ በኩል ያለው x² ፊቱ ምንም ቁጥር የለውም። የx ኮፊሸንት 2a ነው፣ ስለዚህ ግማሹ a ይሆናል። የመጨረሻው ቁጥር የዚያ ግማሽ ስኩዌር ነው። «ግማሽ፣ ከዚያ ስኩዌር» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ መስመር ነው። ፊት ላይ 2 ካለ ግን መስመሩ ሌላ ነው፣ ሕጉም አይመለከተውም።

በሥዕል ማየት ለሚቀላቸው ይህንን እጨምራለሁ። ጎኑ x የሆነ ካሬ ሳይ። ስፋቱ x² ነው። አሁን 10x መጨመር ፈለግሽ እንበል። 10xን ለሁለት ክፈይና አንዱን 5x በካሬው ቀኝ፣ ሌላውን 5x ከታች ለጥፊው። ትልቅ ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ አንድ ጥግ ብቻ ጎደለ። የጎደለው ጥግ ጎኑ 5 በ5 ነው፣ ስፋቱ 25። ያንን ስትሞዪው ጎኑ x + 5 የሆነ ሙሉ ካሬ ይወጣል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ x² + 10x = 39ን የፈታው በዚሁ ዓይነት ሥዕል ነው። 25 ጨመረ፣ በቀኝ 64 ሆነ፣ ስለዚህ x + 5 = 8፣ x ደግሞ 3 ሆነ። ሥዕሉ ላይ የጀመርነው ከአንድ x² ካሬ እንደሆነ ልብ በይ። ሁለት ካሬ ይዘሽ ብትጀምሪ ጥጉ 5 በ5 አይሆንም።

እንግዲህ ያንቺን ጥያቄ ከመጀመሪያው እንሥራው። መጀመሪያ ሁሉንም ለ2 አካፍይ። ሁሉንም ስል −1ንም ጭምር ነው፣ ብዙ ሰው እሷን ይረሳታል።

x² + y² − 3x + 5y − 1/2 = 0

ቀጥሎ xዎቹን ለብቻ፣ yዎቹን ለብቻ ሰብስቢና ኮንስታንቱን ወደ ቀኝ ውሰጂው።

(x² − 3x) + (y² + 5y) = 1/2

አሁን −3 እና 5 ሁለቱም ጎዶሎ ቁጥር ናቸው፣ ስለዚህ ክፍልፋይ ይመጣል። እዚህ ጋ ወደ ዴሲማል መቀየር ያምርሽ ይሆናል። እኔ ግን በክፍልፋይ ቀጥዪ እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ ለመደመር ይቀላል። የ−3 ግማሽ −3/2 ነው፣ ስኩዌሩ 9/4። የ5 ግማሽ 5/2 ነው፣ ስኩዌሩ 25/4። ሁለቱንም በግራም በቀኝም እንደምራለን።

(x² − 3x + 9/4) + (y² + 5y + 25/4) = 1/2 + 9/4 + 25/4

በቀኝ በኩል 1/2ን 2/4 አድርጊው። 2/4 + 9/4 + 25/4 = 36/4 = 9። በግራ ያሉት ቅንፎች ደግሞ ሙሉ ስኩዌር ሆነዋል።

(x − 3/2)² + (y + 5/2)² = 9

ማዕከሉ (3/2, −5/2) ነው። ምልክቱ የሚገለበጠው መደበኛው ቅርጽ (x − h)² + (y − k)² = r² ስለሆነ ነው። y + 5/2 ማለት y − (−5/2) ማለት ነው፣ ስለዚህ k = −5/2። ምልክቱ ላይ ጥርጣሬ ሲገባሽ «ቅንፉን ዜሮ የሚያደርገው y ስንት ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ −5/2 ነው። በቀኝ ያለው 9 ደግሞ r² እንጂ r አይደለም፣ ስለዚህ ራዲየሱ 3 ነው።

አንዳንድ አስተማሪዎች ለ2 ከማካፈል ይልቅ 2ን ከቅንፍ ውጭ ማውጣት ይመርጣሉ። እሱም ትክክል ነው፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦

2(x² − 3x) + 2(y² + 5y) = 1

አሁን በመጀመሪያው ቅንፍ ውስጥ 9/4 ስትጨምሪ በእርግጥ የጨመርሽው 9/4 አይደለም። ውጭ ያለው 2 ያባዛዋል፣ ስለዚህ በግራ የጨመርሽው 9/2 ነው። በቀኝም 9/2 መጨመር አለብሽ። ለyም እንደዚሁ 25/2። ያኔ 1 + 9/2 + 25/2 = 18 ይሆናል፣ ለ2 ሲካፈል 9። ይህን የረሳ ሰው 1 + 9/4 + 25/4 ብሎ 19/2 ያገኛል፣ ለ2 ሲያካፍል r² = 19/4 ይልልሻል። አደገኛነቱ ማዕከሉ ትክክል መውጣቱ ነው። ራዲየሱ ብቻ ስለሚበላሽ በቀላሉ አይታወቅም። ለዚህ ነው እኔ መጀመሪያውኑ ማካፈሉን የምመክረው።

መልሱ ከኋላ ባይኖር እንዴት ታውቂ ነበር? ሁለት መንገድ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ማዕከሉን ብቻ ይፈትሻል፣ በጣም ፈጣን ነው። በዋናው ኢኩዌሽን y = 0 አድርጊ። 2x² − 6x − 1 = 0 ይቀራል። የሁለቱ መልሶች ድምር 6/2 = 3 ነው፣ መካከላቸው 3/2 ላይ ነው። ክቡ የx አክሲስን የሚቆርጠው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ነው፣ ማዕከሉም ከመካከላቸው ትይዩ መሆን አለበት። ስለዚህ የማዕከሉ x 3/2 ነው። x = 0 ስታደርጊ ደግሞ 2y² + 10y − 1 = 0 ይመጣል። ድምሩ −5፣ መካከሉ −5/2። እዚህ ላይ 3 እና −5 ያንቺ ማዕከል ቁጥሮች መሆናቸውን አየሽ? ግማሽ ማድረጉ አንድ ጊዜ ስለቀረ ነው እጥፍ የወጡት።

ሁለተኛው መንገድ ራዲየሱንም ይፈትሻል። ከማዕከሉ በራዲየሱ ልክ ወደ ቀኝ ሂጂ። 3/2 + 3 = 9/2፣ ስለዚህ ነጥቡ (9/2, −5/2) ነው። በዋናው ኢኩዌሽን ውስጥ፣ ማለትም 2 ባለበት፣ አስገቢው። 2x² 40.5 ነው፣ 2y² 12.5 ነው፣ −6x −27 ነው፣ 10y −25 ነው፣ ከዚያ −1። 53 − 53 = 0። ልክ ነው። ወደ ላይ ደግሞ 3 ብትሄጂ (3/2, 1/2) ላይ ትደርሻለሽ። 4.5 + 0.5 − 9 + 5 − 1 = 0። እሱም ልክ ነው። ፍተሻውን ባካፈልሽው መስመር ላይ አትሥሪው። ስታካፍዪ ተሳስተሽ ከሆነ ስህተቱ ይደበቅብሻል።

ቀመርም አለ። ከተካፈለ በኋላ x² + y² + Dx + Ey + F = 0 ከሆነ፣ ማዕከሉ (−D/2, −E/2)፣ ራዲየሱ ደግሞ ½√(D² + E² − 4F) ነው። ለኛ ½√(9 + 25 + 2) = ½√36 = 3። ቀመሩ ሌላ ዘዴ አይደለም፣ ይሄው የሠራነው ሥራ በፊደል ተጽፎ ነው። ስለዚህ ያው 2 ሳይካፈል D = −6 ብለሽ ብታስገቢ እሱም ያሳስትሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፈተና ላይ ይመጣልና። የኛ ጥያቄ መጨረሻ −1 ባይሆን ኖሮስ? ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ተዪና ኮንስታንቱን ብቻ +17 አድርጊው። ስናካፍል 17/2፣ ወደ ቀኝ ስናሻግር −17/2። 9/4 + 25/4 ደግሞ 17/2 ነው። ቀኙ ዜሮ ሆነ። ሁለት ስኩዌሮች ተደምረው ዜሮ የሚሆኑት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ግራፉ ክብ ሳይሆን (3/2, −5/2) የምትባል አንዲት ነጥብ ናት። +19 ብናደርገው ቀኙ −1 ይሆናል። ያኔ ምንም ነጥብ የለም። እንዲህ ሲመጣ ብዙዎች ተሳስቻለሁ ብለው ምልክት ይቀይራሉ። አትቀይሪ። በጥንቃቄ አረጋግጠሽ አሁንም ኔጌቲቭ ከሆነ መልሱ «ክብ የለም» ነው።

ደግሞ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የx² እና የy² ኮፊሸንት እኩል መሆናቸውን፣ xy የሚል ነገርም አለመኖሩን እዪ። 2x² + 3y² ከሆነ ክብ አይደለም፣ ማካፈሉም አያድነውም።

ለልምምድ ይህን ሞክሪ፦ 4x² + 4y² − 4x + 12y − 15 = 0። ማዕከሉ (1/2, −3/2)፣ ራዲየሱ 5/2 መውጣት አለበት። ማዕከሉ ትክክል ሆኖ r² 35/8 ከሆነብሽ፣ 4ን ከቅንፍ አውጥተሽ በቀኝ በኩል ሳታባዢ ደምረሻል ማለት ነው። ራዲየሱ 25/4 ከሆነብሽ ደግሞ ስኩዌር ሩቱ ነው የቀረው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ሥራሽን እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።