ለውጭ ዘመዶቻችሁ የምትሠሩት የእንቁጣጣሽ አኒሜሽን፦ ከአያት ድምፅ ጀምሩ

ውድ ወጣቶች፣

ነሐሴ ሲጋመስ አራት ኪሎ ያለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ በእናንተ ዕድሜ ባሉ ልጆች ትሞላለች። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላሉ ዘመዶቻቸው ለእንቁጣጣሽ አጭር አኒሜሽን መላክ ይፈልጋሉ። የጀመሩትንም በስልካቸው ያሳዩኛል። ቢጫ አበባ ከላይ ይዘንባል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ «መልካም አዲስ ዓመት» የሚል ጽሑፍ እየተሽከረከረ ይመጣል። ያምራል። ግን ማን ለማን እንደላከው አይታወቅም። ማንም ለማንም ሊልከው ይችላል።

እኔ የምመክረው መጀመሪያ ድምፅ እንድትቀርጹ ነው። ከሥዕሉም ከሙዚቃውም በፊት ከቤታችሁ የአንድ ሰው ድምፅ ይኑራችሁ። ሥዕሉ ድምፁን ይከተል። ድምፅ ሲቀድም የእያንዳንዱ ትዕይንት ርዝመት፣ አፍ የሚከፈትበትና እጅ የሚነሳበት ቦታ ሁሉ ከወዲሁ ይታወቃል። ሥዕል ሲቀድም ግን ተናጋሪው ሥዕሉ ላይ ለመድረስ ይሮጣል፤ ችኮላው ደግሞ ይሰማል።

ጊዮርጊስ አካባቢ ያደገች አንዲት ልጅ ዘንድሮ የሠራችውን ልንገራችሁ። አጎቷ ከነሦስት ልጆቹ ዋሽንግተን አጠገብ ይኖራል። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፤ ፊደል ግን አያነቡም። አያቷ እዚሁ ናቸው። ልጅቷ መልእክቱን በወረቀት ጽፋ አያቷን ስታስነብባቸው እንደ ዜና አንባቢ ደረቅ አሉባት። «ወረቀቱን ተይው፤ ቡና አፍሊና ልጆቹ አሁን በር ላይ ቢደርሱ ምን እንደሚሏቸው ጠይቂያቸው» አልኳት። አያት ማለት ያን ጊዜ ነው! ምርቃቱ ወረደ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ መርጠን ያስቀረነው ይኸው ነው፦

«ልጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ የናንተ ስኒ ተቀምጧል። ውጡ ግቡ። ክፉ አይንካችሁ። የዓመት ሰው ይበለን!»

21 ቃል ነው። በእርጋታ ሲነገር አሥር ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ለ30 ሰከንድ ሥራ ይህ ይበቃል፤ ከ40 ቃል ካለፈ ሥዕሉ መተንፈሻ ያጣል። አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ምርቃት ሲባል «አሜን» የሚል አለ። ስለዚህ ከ«አሸጋገራችሁ»፣ ከ«ውጡ ግቡ» እና ከ«ክፉ አይንካችሁ» ቀጥሎ አንድ አንድ ሰከንድ ባዶ ተዉ። ወዲያ ማዶ ያሉት ልጆች ሶፋቸው ላይ ሆነው «አሜን!» ይላሉ። ባዶውን ቦታ በሙዚቃ አትሙሉት።

ስለ ቀረጻው ደግሞ፣ ነሐሴ ውስጥ ነን። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፅን ይውጣል፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላም በማጽጃ ፕሮግራም በቀላሉ አይለቅም። ጠዋት፣ ሰማዩ ሳይከፋ ቅረጹ። ስልኩን ከአያታችሁ አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ አለዚያ ትንፋሻቸው ማይኩን ይመታዋል። ፍሪጁን ለጊዜው ንቀሉት። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ይሻላል፤ ባዶ ሳሎን ያስተጋባል። ከመነሳታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ቅረጹ። የ«አሜን» ክፍተቶቹን የምትሞሉት በሱ ነው። ፍጹም ባዶ ካደረጋችሁት ድምፁ የተቋረጠ ይመስላል።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ልጅቷ አራት ትዕይንት ብቻ ነው የሠራችው። በመጀመሪያው አምስት ሰከንድ ንግግር የለም። ከቆርቆሮ ጠርዝ ሦስት ጠብታ ይወርዳል፣ ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች። ቀጥሎ አዲስ ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልጅ እርጥብ ሣርና አደይ ይዛ በር ታንኳኳለች፤ ሰባት ሰከንድ። በሦስተኛው አያት ይመርቃሉ፤ ከ«አሜን»ዎቹ ጋር አሥራ ሦስት ሰከንድ። በመጨረሻው አምስት ሰከንድ የሦስቱ ልጆች ስም በትልልቅ ፊደል ይወጣል፣ ከሥሩ «2019»። ሌላ ጽሑፍ የለም። ልጆቹ ፊደል ስለማያነቡ እናታቸውን «የኔ የቱ ነው?» ይሏታል።

አያትን በየፍሬሙ እንደ አዲስ አትሳሉ። ቪዲዮው በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳን ለ30 ሰከንድ 360 ሥዕል ይፈጃል። ጷጉሜ አልቃ መስቀልም ይደርስባችኋል። ይልቅ አካላቸውን ቆራርጣችሁ ሳሉ። ራስ ለብቻ፣ ነጠላ የለበሰው ደረት ለብቻ፣ ክንድና እጅ ለየብቻ በየራሳቸው ሌየር ይሁኑ። ክንዱ ከትከሻ፣ እጁ ከክርን ይዙር። መጋጠሚያው ላይ ሁለቱም ክብ ሆነው ትንሽ ይደራረቡ፤ አለዚያ እጅ ሲነሳ ክፍተት ይታያል። ለዚህ በነፃ የሚገኙት ክሪታና ብሌንደር የተባሉ ፕሮግራሞች ይበቃሉ።

አፍ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ውጭ አገር የተሠሩ የአፍ ሠንጠረዦችን አውርዳችሁ አትድከሙ፤ ፊደላችን ራሱ ሠንጠረዥ ነው። ካዕብና ሳብዕ ከሆነ ከንፈር ይሾላል፤ ሁ፣ ቡ፣ ሆ፣ ቦ በሉና መስታወት ተመልከቱ። ራብዕ ከሆነ አፍ በሰፊው ይከፈታል። ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጠጣሉ። ግዕዝና ሳድስ ገርበብ ያለ አፍ ይበቃቸዋል፤ እንደ ሀ እና አ ያሉት ግዕዞች ግን እንደ ራብዕ ይከፈታሉ። ከነዚህ ሌላ የሚያስፈልገው መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ በመጡ ቁጥር የሚገጥም ከንፈር ነው። ስለዚህ አምስት አፍ ስላችሁ አማርኛ ታናግራላችሁ።

በአያት ንግግር እንየው። «እንኳን አሸጋገራችሁ» ቢሉ ኖሮ ከንፈራቸው አንድም ጊዜ አይገጥምም ነበር። መሃል ላይ «ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም» ሲገባ ግን አራት ጊዜ ይገጥማል፦ በሁለቱ «መ»፣ በ«በ» እና በ«ም»። እነዚህ አራቱ ቦታቸውን ከያዙ የቀረው ትንሽ ቢሳሳትም ዓይን ይቅር ይላል። የገጠመ አፍ ቢያንስ ሁለት ፍሬም ይቆይ፤ ከድምፁም አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይቅደም። እኩል ካደረጋችሁት የዘገየ ይመስላል። ልክ መሆኑን ለማወቅ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። «በሰላም» የሚለው በዓይን ከተነበበ ሠርቷል።

አያት ሌላ ብዙ እንቅስቃሴ አያስፈልጋቸውም። አልፎ አልፎ ዓይን መርገብገብ፣ ሲመርቁ እጅ ማንሳት፣ በ«አሜን» ክፍተት ራስን ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ከጎናቸው ጀበናው ይጢስ። ለጭሱ ስምንት ሥዕል ስላችሁ እያንዳንዱን ሦስት ፍሬም ብታቆዩት ልክ አንድ ሰከንድ ይሞላል፤ ከዚያ እየደጋገማችሁ ማዞር ነው። «የናንተ ስኒ ተቀምጧል» ሲሉ ረከቦቱን አሳዩ። ልጅቷ ሦስት ትንንሽ ስኒ ስላ፣ አያት ሲናገሩ አንድ በአንድ እንዲዘሉ አደረገቻቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስኒ መሆኑ ነው። ሕፃን ልጅ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ከበስተጀርባ የትኛውን አዲስ አበባ እንሳል የሚለው ብዙ ያከራክረናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳ መልክ ተቀይሯል። አጎትየው የሚያውቀው ግቢ ዛሬ የለም። አሮጌውን ብትስሉ ለሱ ሐዘን ልትቀሰቅሱ ትችላላችሁ፤ አዲሱን ብትስሉ አያውቀውም። የደስታ መልእክት ላይ ይህን ሸክም ባትጨምሩ እመርጣለሁ። ከቤት ውስጥ ሳሉ። ቤት ቢቀየርም ረከቦቱ፣ የአያት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ያለው የሠርግ ፎቶ አብረው ተጉዘዋል። ውጭውን ማሳየት ካስፈለገ የምኒልክ ሐውልትና ጊዮርጊስ እዚያው ናቸው፤ በመስኮት በኩል በትንሹ ይታዩ።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው በሚላክበት ሰዓት ነው። ዋትስአፕ ቪዲዮውን ይጨምቀዋል። ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጎዳው በመላው ስክሪን የሚንቀሳቀስ ጥቃቅን ነገር ነው። ያ የአበባ ዝናብ ዋሽንግተን ሲደርስ ቢጫ ጭቃ ይሆናል። አምስት ትልልቅ አደይ ቀስ ብለው ቢወርዱ ግን ጥርት እንዳሉ ይደርሳሉ። የአደይ ቅጠሎች ስምንት አካባቢ ስለሆኑ በትልቁ ስትስሉ አምስት ብቻ አታድርጓቸው፤ የሌላ አበባ ይመስላል። የነጠላው ጥበብም እንዲሁ ነው። ቀጫጭን መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በሦስት ወፍራም መስመር ተኳቸው። በቴሌግራም ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አይጨመቅም።

የፊደሉንም ጉዳይ ልብ በሉ። ስማቸውን የጻፋችሁበት ኮምፒውተር ላይ ያለው የግዕዝ ፎንት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። `Noto Sans Ethiopic` በነፃ ይገኛል። ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይራችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ወዲያ አይበላሽም። ቪዲዮው ለስልክ ስለሆነ ቁመቱ 1920፣ ስፋቱ 1080 ፒክስል ይሁን። ከላይና ከታች ጽሑፍ አታስጠጉ፤ ዋትስአፕ ስታተስ ላይ ሲለጠፍ የስልኩ ምልክቶች ይሸፍኑታል።

ሰዓቱን አስቡበት። መስከረም 1 ቀን 2019 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው፣ ዓርብ ይውላል። በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትልኩ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ልጅቷ በቴሌግራም የመላኪያ ሰዓቱን ለእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ሞልታዋለች። እዚያ ገና ሐሙስ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 5 ሰዓት፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተዋል። አያትም እንቅልፋቸውን ትተው የልጆቹን «አሜን» በስልክ ለመስማት ይጠብቃሉ።