ስኳትና ላንጅ ላይ ጉልበት ሲያም፦ ላቁም ወይስ ላስተካክል?

ጥያቄ፦ «ስኳት ስሠራ ዝቅ ስል ቀኝ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል፤ ላንጅ ላይማ ይብስብኛል። አላበጠም፣ ወድቄም አላውቅም። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ላቁም ወይስ ልቀጥል? ሐኪም ጋ መሄድስ አለብኝ?»

እህቴ፣ ካልሽው ተነስቼ ስፈርድ ጨርሶ ማቆም አያስፈልግሽም፤ እንዳለ መግፋትም የለብሽም። ሰው ሳሠለጥን ይህን ዓይነት ሕመም ደጋግሜ አያለሁ። በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ወይም ከሎሚው ሥር ይሰማል፣ ቁጢጥ ሲባልና ደረጃ ሲወረድ ይብሳል፣ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ሲነሱም ይቆረጥማል። ጉልበት ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር ሎሚው የጭን አጥንት ላይ የሚጫንበት ኃይል ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ከላይ ምንም ሳይልሽ ዝቅ ስትዪ የሚያምሽ። አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ወይም የተሰበረ ነገር የለም። ጉልበቱ ሳይለምደው ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባለፉት ሳምንታት ምን እንደጨመርሽ አስቢ፦ ክብደት፣ የቀን ብዛት፣ ሩጫ ወይስ ጥልቀት?

የምመራበት መለኪያ ቀላል ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው። እየሠራሽ እስከ 3 ከሆነ፣ ስትደጋግሚው ካልጨመረና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ቀጥዪ። ከዚያ ካለፈ እንቅስቃሴውን አሻሽዪ። ከሁሉ በላይ የማምነው ግን የማግስቱን ጠዋት ነው። ስትሠሪ ደህና ሆኖ ጠዋት ደረጃ ስትወርጂ ከወትሮው ከባሰብሽ የትናንቱ መጠን በዝቶ ነበር።

በቅርቡ ያሠለጠንኩት አንድ ሰው ልክ እንዳንቺ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራ የነበረውን ወደ አራት ቀን አሳድጎ ክብደትም ጨምሮ ነበር፤ ሙሉ ስኳት ላይ ሕመሙን 5 ይለዋል። ክብደት የተሸከመበትን ባር ለጊዜው ተውንና ከኋላው ከፍ ያለ ሳጥን አደረግን። ሕመሙ 2 ላይ የሚቆምበትን ከፍታ እስክናገኝ ሳጥኑን ከፍና ዝቅ አደረግነው። ከዚያ መቀመጫውን ወደ ኋላ እየገፋ፣ ሦስት ሰከንድ ወስዶ በዝግታ እየወረደ፣ ሳጥኑን ነክቶ ይነሳ ነበር፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በመሃል እረፍት እየሰጠ በሳምንት ሁለት ቀን። ጠዋቱ ሰላም ሲሆን ሳጥኑን ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን፤ ሲከፋ ወደ ቀድሞው እንመልሳለን። ክብደት የመለስነው ጥልቀቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከጨመርሽ ያሳመመሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂውም።

ላንጅ የሚብስብሽ ወደ ፊት ስትራመጂ የሰውነትሽን ግስጋሴ የሚያቆመው የፊተኛው ጉልበት ስለሆነ ነው። ለጊዜው እግርሽን ከፊትና ከኋላ አድርገሽ ሳትራመጂ እዚያው ውረጂና ተነሺ፤ ግድግዳ መያዝ ይቻላል። እሱ ሲለመድ ወደ ኋላ የሚረገጠውን ላንጅ ሞክሪ፤ ወደ ፊት የሚረገጠው በመጨረሻ ይምጣ። ደረትሽን ትንሽ ወደ ፊት ብታዘነብዪ ሥራው ከጉልበት ወደ ዳሌ ይሄዳል። ጎን ለጎን የዳሌ ጡንቻ ሥሪ፤ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳትና በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት ይበቃሉ።

ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም የሚለውን እንደ ሕግ አትያዢው። ማለፉ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ ጉልበት ላይ ጫና ስለሚጨምር ግን በሚያምሽ ሰሞን መቀነሱ ያግዛል። ሕመም የሌለው ቋ የሚል ድምፅም አያስጨንቅሽ።

ሐኪም ጋ ሳትዘገዪ የምትሄጂው ጉልበትሽ ካበጠ፣ ተቆልፎ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፣ ስትረግጪ ከከዳሽ፣ ወይም ሲጣመም ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው ካበጠ ነው። እረፍት ላይ ሆነሽም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመምም መታየት አለበት። ጨርሶ መርገጥ ካቃተሽ፣ ጉልበቱ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ካለሽ፣ ወይም የአንድ እግር ባት አብጦ ካመመሽ በዚያው ቀን ታከሚ። የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ወይም በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና በእንቅስቃሴ አይሞከርም።

ከነዚህ አንዱም ከሌለ ከላይ ያልኩሽን ለስድስት ሳምንት ያህል ሥሪ። በዚያ ጊዜ ካልቀነሰ ወይም በየሳምንቱ እየከፋ ከሄደ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂጂ። ስትሄጂ የትኛው ጥልቀት ላይ እንደሚጀምርሽ፣ በጣትሽ የት ጋ እንደሚያምሽና ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚመስል ንገሪ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም፤ ስኳትሽንና አረማመድሽን አይቶ ጉልበትሽን በእጁ የሚመረምር ባለሙያ ይቅደም።