ሌብል፣ ኮምፖነንት ወይስ ከስተም ፊልድ? ስለ ጂራ የጠየቃችሁኝ

ጂራን ለብዙ ዓመታት አስተዳድሬያለሁ። ከማወራቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። የምመልሰው በጂራ ክላውድ ላይ በአስተዳዳሪ ደረጃ ስለሚያዙ ፕሮጀክቶች ነው፤ ቡድኑ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ላይ አንዳንዱ ይለያል።

«ሦስቱም ቲኬት መለያ ናቸው። እኛ ሁሉንም በሌብል ነው የምንሠራው። ምን ችግር አለው?»

ለአምስት ሰው ቡድን ምንም ላይኖረው ይችላል። ልዩነቱ ማን ይፈጥረዋል የሚለው ላይ ነው። ሌብልን ቲኬት ማስተካከል የሚችል ሰው ሁሉ ጽፎ ይፈጥራል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ኮምፖነንት የአንድ ፕሮጀክት ነው፤ የፕሮጀክቱ አስተዳዳሪ ይፈጥረዋል፣ ኃላፊም ይመደብለታል። ከስተም ፊልድ ደግሞ በተለምዶ የጂራ አስተዳዳሪውን ደጅ ያስጠናል።

ስለዚህ ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ወር ዘመቻ፣ ሌብል ይበቃዋል። ክፍያ፣ ምዝገባ፣ ማሳወቂያ የመሳሰሉ ቋሚ የምርቱ ክፍሎች ኮምፖነንት ይሁኑ። ከስተም ፊልድ የሚገባው ጥቂት የታወቁ መልሶች ላሉት፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ለሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«አንድ ነገር በአራት ስም ተጽፏል፤ login፣ log-in፣ signin፣ sign-in። ስሙን ላስተካክል ብል ቦታውን አጣሁት።»

አልተሳሳትሽም፣ እህቴ። ሌብልን ስም የሚቀይር አንድ ቁልፍ የለም፤ በጅምላ ነው የሚስተካከለው። መጀመሪያ የተበላሹትን ፈልጊ፦

```
labels in ("log-in", signin, "sign-in")
```

ከዚያ በጅምላ ማስተካከያው ሌብል ላይ «Add to existing» የሚለውን መርጠሽ login ጨምሪ። ሁለተኛ ዙር እነዚያኑ ቲኬቶች ይዘሽ በ«Find and remove these» ሦስቱን አሮጌ ስሞች አውጪ። «Replace all with» የሚለውን ግን እንዳትነኪው። እሱ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሌላ ሌብል ሁሉ ጠርጎ ነው የሚጽፈው። እኔ አንዴ ነክቼው ከሰዓቱን ሙሉ የቲኬቶችን ታሪክ እያየሁ ስመልስ ዋልኩ። ኢሜይል ላክ የሚለውን ምልክትም አንሺ፣ አለበለዚያ ባልደረቦችሽ በመልእክት ይጥለቀለቃሉ።

አሮጌው ሌብል የትኛውም ቲኬት ላይ ካልቀረ ከጥቆማው ዝርዝር ራሱ ይጠፋል። ሌብል ግን በሁሉም ፕሮጀክት የጋራ ነው። ጎረቤት ቡድን አንድ ቲኬት ላይ ካስቀረው ነገ ተመልሶ ይመጣብሻል።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉንም አስገዳጅ ድሮፕዳውን ብታደርጉት አይሻልም? ያኔ ማንም ማበላሸት አይችልም።»

ግማሹ ልክ ነው፣ የፊደል ስህተት ይቀራል። የሚቀረው ግን እሱ ብቻ ነው።

አንድ የሠራሁበት ቦታ «Root cause» የሚል ፊልድ አሠራን። አሥራ አንድ ምርጫ ነበረው፣ ቲኬት ሲከፈት የግድ ይሞላል። ከሦስት ወር በኋላ ስናየው ከግማሽ በላዩ «Other» ነው። ሰው ሰንፎ መሰለን። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ባግ የሚከፍተው ሰው ምክንያቱን በዚያ ሰዓት ከየት ያውቀዋል? ሳናስበው እንዲገምት ነበር የምናስገድደው።

ፊልዱን ከመክፈቻው አውጥተን ቲኬቱ ሲዘጋ በሚመጣው ስክሪን ላይ አደረግነው፣ ለባግ ብቻ። ምርጫዎቹን ወደ አራት አወረድናቸው። የተረፉትን አልሰረዝናቸውም፣ አሰናከልናቸው። ሲሰናከሉ አዲስ ቲኬት ላይ አይመረጡም፣ በአሮጌዎቹ ላይ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። የምንከታተለው በዚህ ነበር፦

```
project = PAY AND issuetype = Bug
AND "Root cause" = Other AND created >= -90d
```

አንድ ዋጋ ከግማሽ በላይ ከወሰደ፣ ወይም ሁሌ የሚመረጠው ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ሰው እያለፈው ነው ማለት ነው። ፊልዱ አስቀድሞ የተሞላ ዋጋ ካለው ደግሞ ጨርሶ አትመኑት። ሁሉም ቲኬት ተሞልቶ ያምራል፣ ማንም ግን አልነካውም።

«ሌብሎቹን በቀለም መለየት ይቻላል?»

ቦርድ ላይ የካርዱን ቀለም ከላይ እንደጻፍኩት ባለ የፍለጋ ጥያቄ፣ በJQL፣ መወሰን ይቻላል። የተዘበራረቁ ሌብሎችን ቀለም ብትቀባቸው ግን ያው ናቸው፣ ወንድሜ።

«labels != blocked ብዬ ስፈልግ ግማሹ ቲኬት ጠፋብኝ። ጂራው ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጭራሽ ሌብል የሌላቸውን ቲኬቶች አያመጣም። እንዲህ ጻፈው፦

```
project = PAY AND (labels != blocked OR labels is EMPTY)
```

ኮምፖነንት ላይም ያው ነው። ለስብሰባ ቁጥር ከማቅረብህ በፊት ባዶዎቹን ለብቻ ቁጠራቸው።

«የኔ ጥያቄ ይለያል። ኮምፖነንቶቻችን በቡድን ስም ነው የተሰየሙት። ባለፈው ቡድኖቹ ተቀላቀሉ፣ አሁን «ቡድን ሁለት» የሚባል የለም፣ ቲኬቶቹ ግን እዚያ ናቸው።»

ቡድን ይበተናል፣ ክፍያ ግን ክፍያ ሆኖ ይቀጥላል። ኮምፖነንቱን በምርቱ ክፍል ሰይመው፤ ቡድኑ ሲቀየር የምትቀይረው የኮምፖነንቱን ኃላፊ ብቻ ይሆናል። ለኃላፊው በራሱ እንዲመደብ ካደረግከው አዲስ ቲኬት ወደ ትክክለኛው ሰው ይሄዳል። አሮጌውን ኮምፖነንት ስትሰርዝ ጂራ ቲኬቶቹን ወደ ሌላ ላዛውር ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። አዛውር፤ ዝም ብለህ ካለፍከው ኮምፖነንት አልባ ሆነው ይቀራሉ።

«እሺ፣ ግን አንድ ክፍል ላይ ሁለት ቡድን ቢሠራስ? እኛ ጋ ክፍያውን ሁለት ቡድን ነው የሚነካው።»

እዚህ ላይ ንጹሕ መልስ የለኝም። ለሁለት የከፈሉትን አይቻለሁ፤ ቲኬት የሚከፍተው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግራ ይገባዋል። ለቡድን ለብቻው ፊልድ የሠሩም አሉ፤ የሚሞላ ሰው እስካለ ይሠራል። እኔ ብሆን አንድ ኃላፊ አስቀምጬ እሱ ያከፋፍል እላለሁ። ኃላፊው ዕረፍት የወጣ ሳምንት ግን ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ።

«ማን ነው ይህን ሁሉ የሚያጸዳው? እኛ ጋ ጊዜ ያለው ሰው የለም።»

የለም ብላችሁ ጀምሩ፤ ያኔ የምትፈጥሩት ራሱ ይቀንሳል። ፊልድ ፍጠርልኝ የሚል ሰው ሲመጣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ፊልድ የምታየውን ፊልተር ጽፈህ አሳየኝ፣ መልሱ ቢቀየር ምን የተለየ ነገር ታደርጋለህ? ብዙው ሰው «እንዲያው ቢኖር ጥሩ ነው» ይላል። በዚያው ይቀራል። የሚያልፈው ፊልድ መግለጫው ላይ የጠየቀው ሰው የሥራ ድርሻ ይጻፍበታል፣ ለሚመለከታቸው ፕሮጀክቶች ብቻም ይከፈታል። ለጊዜያዊ ሌብል ደግሞ ማብቂያውን ስሙ ውስጥ አስገባለሁ፤ tmp-migration-2025-06 ካልኩት በነሐሴ ያየው ሰው ሳያቅማማ ያወጣዋል።

ያለውን ለመቀነስ ወዲያው አትሰርዙ። መጀመሪያ ፊልዱን ከስክሪኖቹ ላይ አውጡት። መረጃው አይጠፋም፣ ከዓይን ብቻ ይሰወራል። ፊልተርና አውቶሜሽን ውስጥ መኖሩንም እዩ። አንድ ወር ጠብቁ፣ ማንም ካልጮኸ ሰርዙት። ክላውዱ ላይ የተሰረዘ ፊልድ 60 ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ መመለስ ይቻላል።

እኔ አንዴ ማንም አይጠቀምበትም ብዬ አንድ ፊልድ አወጣሁ። ከአልሚዎቹ አንድም ሰው አልተናገረም። በወሩ መጨረሻ የጮኸችው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት። በየወሩ ወደ ኤክሴል እያወጣች ለደንበኞች የሚጠየቀውን ክፍያ ታሰላበት ነበር። ጂራ አካውንት እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር።