ቋሚው 110 ጥፋት የለበትም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጅማ አጂፕ አካባቢ ጂ+5 አፓርትመንት አስተዳድራለሁ። በየወለሉ አራት ቤት አለ። ሁለት ሁለቱ በአንድ ቋሚ ባለ 110 ሚሊሜትር ቱቦ ይወርዳሉ፣ ሁለቱ ቋሚዎች መሬት ውስጥ ተገናኝተው በአንድ 110 ወደ ሴፕቲክ ይሄዳሉ። ላይ ሰው ውሃ ሲለቅ ምድር ቤት ያለው ሽንት ቤት ይንቦቀቦቃል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይሸታል። አምስተኛ ፎቅ ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ሲፎን ውሃው እየጠፋ ሽታ ይገባል። አንድ ባለሙያ ‹ቱቦው ጠቧል፣ ሁሉም በ160 ይቀየር› አለኝ። እውነት ነው?»

አይደለም ወንድሜ። ቋሚውን አትንካው። ታች የሚገፋ ላይ የሚስብ ከሆነ ችግሩ የውሃ ሳይሆን የአየር ነው። ቱቦው ቢጠብማ ውሃው ታች ይጠራቀም ነበር እንጂ አምስተኛ ፎቅ ሲፎን፣ ያንን ሽታ የሚያግደውን ውሃ የሚይዘውን ጥምዝ ቱቦ፣ አያደርቅም።

ሳላየው ልገምት። ጣሪያ ላይ ብትወጣ የቋሚው ጫፍ ወይ ከቆርቆሮው ስር ቀርቷል፣ ወይ «ዝናብ እንዳይገባ» ተብሎ በክዳን ተደፍኗል። ይሄን እኛ ከተማ ደጋግሜ አይቻለሁ። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ሰው ክፍት ቱቦ ሲያይ እጁ አያርፍም። ታች ደግሞ ቋሚው በአንድ ባለ 90 ኤልቦ ድንገት ታጥፎ፣ የምድር ቤቱ ሽንት ቤት እዚያው እግሩ ስር ተቀጥሏል። የተለየ የአየር ቱቦ፣ ቬንት የምንለው፣ ጭራሽ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ለማየትም ሆነ ለመጥረግ ማንም ሰው ሴፕቲክ ውስጥ ወይም ጥልቅ ማንሆል ውስጥ አይግባ። ክብሪትም ላይተርም አጠገቡ አይለኮስ። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። «አሁን አይሸትም» ያለ ሰው ነው የሚወድቀው።

አሁን ሂሳቡን እንስራ። የቱቦ ስፋት የሚመረጠው በፊክስቸር ዩኒት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በሚለቀው የውሃ መጠንና በአጠቃቀሙ ነጥብ ይሰጠዋል። በዓለም አቀፉ የቧንቧ ኮድ በአይፒሲ ሰንጠረዥ እሄዳለሁ። ሽንት ቤት ታንከሩ ትንሽ ከሆነ 3፣ ትልቅ ከሆነ 4 ነው። እኔ 4 እይዛለሁ፤ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም በባልዲ ነው የሚደፋው፣ ባልዲ ደግሞ ከታንከር ይብሳል። የእጅ መታጠቢያ 1፣ ሻወር 2፣ የወጥ ቤት ሲንክ 2፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን 2። አንድ ቤት 11 ሆነ። አንድ ቋሚ በየወለሉ ሁለት ቤት ይይዛል፣ 22። ምድር ቤትን ጨምሮ ስድስት ወለል ነው፣ ስለዚህ 132።

በሰንጠረዡ ከሶስት ወለል በላይ ለሚወርድ ቋሚ ባለ 4 ኢንች ቱቦ በጠቅላላው 500 ዩኒት፣ ከአንድ ወለል ደግሞ እስከ 90 ይቀበላል። የእኛ 110 በውስጡ 4 ኢንች ገደማ ነው። አንተ 132 እና 22 ነው ያለህ። ሩብ እንኳ እምብዛም አልፈህ አልሄድክ። 160 ቋሚ ማለት ብር ማባከን ነው። በ75 ልቀንስ ካልክ ግን አይሆንም። ባለ 3 ኢንች ከአንድ ወለል 20፣ በጠቅላላው 72 ብቻ ነው የሚችለው።

ታዲያ ለምን ይንቦቀቦቃል? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፣ ይሄን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። ውሃ በቋሚ ቱቦ ሲወርድ መሃሉን ሞልቶ አይወድቅም። ግድግዳውን ይዞ እንደ ቀጭን ቀሚስ ተጠቅልሎ ይወርዳል፣ መሃሉ አየር ነው። ሰንጠረዡ 110 ን 500 ዩኒት ላይ የሚያቆመውም ለዚሁ ነው፤ ውሃው ከቱቦው ስፋት ሲሶውን እንዳያልፍ፣ የቀረው ለአየር እንዲተርፍ። ውሃው መጀመሪያ ይፋጠናል፣ ከሶስት እስከ አራት ሜትር ተኩል ያህል ከወረደ በኋላ ግን ከግድግዳው ጋር ያለው ፍትጊያ ያቆመዋል፤ ከዚያ ወዲያ አስር ፎቅም ይሁን ሃያ ፍጥነቱ እምብዛም አይጨምርም። «ከአምስተኛ ፎቅ ሲወርድ ቱቦውን ይሰብረዋል» የሚሉትን አትስማ። ችግሩ ውሃው ብቻውን አለመውረዱ ነው። መሃል ያለውን አየር ይዞ ይወርዳል። ያ አየር ከላይ መተካት አለበት። ጫፉ ከተደፈነ ከየት ይተካል? በአቅራቢያው ባለ ሲፎን በኩል ስቦ ነው የሚያስገባው፣ በዚያው ውሃውን ይዞት ይሄዳል። አምስተኛ ፎቅህ ይሄ ነው። ታች ሲደርስ ደግሞ ውሃው ከቁልቁል ወደ አግድም ይዞራል። ፍጥነቱ ድንገት ይወርዳል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴ አግድሙን ቱቦ እስከ ጣሪያው ይሞላዋል። አየሩ ከኋላ እየመጣ ነው፣ ከፊት በር ተዘግቷል። ስለዚህ ያገኘውን ደካማ ነገር ይገፋል። ደካማው የምድር ቤት ሲፎን ነው። ጥሩ ሲፎን ውስጥ ያለው ውሃ ቢያንስ 50 ሚሊሜትር ነው፣ ቬንት የሚሰራው ደግሞ ግፊቱ በየትኛውም ሲፎን ላይ ከ25 ሚሊሜትር ውሃ በላይ ወደላይም ወደታችም እንዳይሄድ ነው። ቬንት በሌለበት ያ ቁጥር በቀላሉ ይታለፋል። ገበያ ላይ የሚሸጡት ርካሽ የሻወር ቀዳዳዎች ደግሞ ቆባቸው ስር ያለው ውሃ ጣት አይሞላም፣ አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል።

ግምቴን በሁለት ነገር ፈትሽ። መጀመሪያ ምድር ቤት የሻወሩን ቀዳዳ በውሃ ሙላ፣ አንድ ሰው አራተኛ ሌላው አምስተኛ ፎቅ አንድ ላይ ይልቀቁ። ውሃው ፈልቶ ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ አየር ነው። ቀስ ብሎ ከፍ ብሎ እዚያው ከቆየ ግን መዘጋት ነው፣ ያኔ ቱቦ ጥረግ እንጂ ቬንት አታስብ። ቀጥሎ ጣሪያ ላይ ውጣና ጫፉ ክፍት ከሆነ ቀጭን ፌስታል አፉ ላይ ያዝ። ታች ሲለቁ መሳብ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ውስጥ የሆነ ነገር ዘግቶታል። በክብሪት ጭስ የሚሞክሩ አሉ፤ አንተ እንዳትሞክር፣ ከዚያ ጫፍ የሚወጣው ራሱ የሴፕቲክ ጋዝ ነው።

ጥገናው ከላይ ይጀምር። የቋሚውን ጫፍ በሙሉ ስፋቱ ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ አውጣ። ጣሪያው ሰው የሚወጣበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ከሆነ ከሁለት ሜትር በላይ ይሁን። ዝናቡ ከከበደህ ዙሪያው ክፍት የሆነ ባርኔጣ አድርግለት፣ መድፈን ግን የለም። ቱቦው በቆርቆሮው የሚያልፍበትን ደህና አድርገህ አሽግ። የጣሪያ ዝናብ ውሃን ደግሞ በምንም ምክንያት ወደዚህ ቋሚ አታስገባ፤ በሰራነው ሂሳብ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ቬንቱ። ብዙ ሰው «የቋሚው ግማሽ ይበቃል» ብሎ 50 ያስገባል። ግማሽ ዝቅተኛው ነው፣ ርዝመቱም ይታያል። ለ4 ኢንች ቋሚ እስከ 140 ዩኒት ድረስ፣ ባለ 2 ኢንች ቬንት የሚፈቀደው 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለ 2 ተኩል ኢንች 20 ሜትር፣ ባለ 3 ኢንች 60 ሜትር ገደማ። ያንተ ህንጻ ከእግሩ እስከ ጣሪያው 21 ሜትር አያጣም። ስለዚህ 50 በግማሽም አይደርስም፣ 63 ለጥቂት ይወድቃል። 75 ይሆናል፤ በውስጡ 70 ገደማ ስለሆነ ሙሉ 3 ኢንች ባይሆንም ለ21 ሜትር በቂ ነው። ቋሚው በሚወርድበት በዳክቱ ውስጥ ከጎኑ አውጣው። ታች ከቋሚው ጋር ከሁሉም ዝቅተኛ ቅርንጫፍ በታች በዋይ ቅርጽ ፊቲንግ ይገናኝ። ላይ ከአምስተኛ ፎቅ የእጅ መታጠቢያ ጠርዝ ቢያንስ 15 ሴንቲ በላይ ወደ ቋሚው ይግባ፣ ወይም ለብቻው ጣሪያ ይውጣ። የየወለሉን የሽንት ቤት ቅርንጫፍም በ50 ከቬንቱ ጋር አገናኝ። አንዳንዱ በዚህ ፈንታ አየር ብቻ የምታስገባ ቫልቭ ይሰካል። መሳብን ታግዛለች፣ ታች ያለውን ግፊት ግን አታስወጣም፤ ያንተን ምድር ቤት አታድንም።

እግሩ ላይ ያለውን ኤልቦ አውጣና በሁለት ባለ 45 ተካው፣ በመሃላቸው አጭር ቀጥ ያለ ቱቦ ቢኖር ይሻላል። ቱቦውን እሳት ላይ አሙቆ አጥፎ የሚያገባ ባለሙያ ከመጣ አሰናብተው። ውስጡ ይኮማተራል፣ ጠርዝ ይሰራል፣ ወረቀቱም ጨርቁም እዚያ ይያዛል። ያንን የሚያደርጉት ፊቲንግ ለመቆጠብ ነው። አንዳንዱ 110 ደግሞ ከቀጭንነቱ የተነሳ በእጅ ሲጫኑት ይገባል። ወፍራሙን ግዛ።

ምድር ቤትን ከቋሚው ለይ። የአራቱም ቤት 44 ዩኒት ነው፣ በራሱ 110 በ2 በመቶ ተዳፋት ወደ ማንሆል ይሂድ። ቦታ ጠቦህ ከአግድሙ ጋር የግድ ማገናኘት ካለብህ፣ ከቋሚው እግር ቢያንስ በአስር የቱቦ ስፋት ራቅ አድርገው፤ 1.1 ሜትር መሆኑ ነው።

እና 160 የሚያስፈልግ ቦታ አለ። ባለሙያህ ግን የጠቆመው እሱን አይደለም። ሁለቱ ቋሚዎች የሚገናኙበት አግድም ቱቦ 264 ዩኒት ተሸክሟል። ባለ 4 ኢንች አግድም በ1 በመቶ ተዳፋት 180፣ በ2 በመቶ 216 ነው የሚችለው። ምድር ቤትን ብትለየው እንኳ 220 ይቀራል። ያለፈው አራት ዩኒት ብቻ ነው ልትል ትችላለህ። እኛ ሰፈር ግን ውሃ ሰንብቶ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያጥባል፣ የሰንጠረዡ ስሌት ደግሞ ሰው በየተራ ይጠቀማል ብሎ ነው። ጠርዝ ላይ አትስራ። ከመገናኛው እስከ ሴፕቲክ 160 ቅበር፣ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ብታወርደው 700 ዩኒት ይችላል። መገናኛው ላይ መፈተሻ ማንሆል ስራ፣ ጥልቀቱ ከላይ ሆነህ በዘንግ የምትደርስበት ይሁን። ሲቆፍሩ ሴፕቲኩን የሚከፍቱ ከሆነ ክዳኑን አንስተው ይራቁ፣ ውስጡ አይገባም፤ አንድ ሰው ቢወድቅ እንኳ ሌላው ዘሎ እንዳይከተለው አስቀድመህ ንገራቸው።

ብርህ ለአንድ ጊዜ ካልበቃ መጀመሪያ ጫፉን ክፈትና እግሩን አስተካክል። ከዚያ ያው የሁለት ፎቅ ሙከራ ይደገም። አምስተኛው ፎቅ ድኖ ምድር ቤቱ ገና ከተንቦቀቦቀ ምድር ቤቱን መለየት ይቅደም፣ ቬንቱ ይከተል። ሁለቱም ድነው ሶስተኛ ፎቅ ብቻ ከጮኸ ግን የዚያን ወለል ቅርንጫፍ ተዳፋት ለካ፣ ምናልባት አንድ ሰው ሰድር ሲቀይር ቱቦውን ወደ ኋላ አዘንብሎታል።